የማህደረ ተግባር መግለጫዬ «ዝርዝር ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ፤ ምን ልጨምርበት?

የበላይ ቆላ ሒሳብ

ሰላም ለእናንተ ይሁን መምህራን። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የጀማሪ መምህርነት ጊዜዬ ሰኔ ላይ ያበቃል። ማህደረ ተግባሬን አሟልቻለሁ ብዬ ለአማካሪ መምህሬ ሰጠሁ። ማስረጃዎቹን ወደዳቸው፤ ከፊት ያስቀመጥኩትን የሁለት ገጽ መግለጫ ግን «ይህ የመዝገብ ቤት ዝርዝር ነው፤ አንተን አላየሁበትም» ብሎ መለሰልኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጠኝም። እሱም የራሱን ክፍል ፈተና እያረመ ነው፤ አልፈርድበትም።

ጅማሬው እንዲህ ይላል፦

«ሰባቱንም የመምህራን ሙያ ደረጃዎች አሟልቻለሁ። ደረጃ 1ን በተመለከተ የተማሪዎቼ ሙሉ መረጃ በክፍል አንድ ተያይዟል። ደረጃ 2ን በተመለከተ የዲግሪዬ ቅጂ ተያይዟል። ደረጃ 3ን በተመለከተ የዕለት ትምህርት ዕቅዶቼ ተያይዘዋል። ደረጃ 6ን በተመለከተ የዓመቱን 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማጠናቀቄን የሚገልጽ ማረጋገጫ ተያይዟል።»

እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። ምን ይጎድለዋል?

ጠመኔ

ወንድሜ፣ ምንም አይጎድለውም። አማካሪህ የሰጠህን ምክንያት ለመረዳት ተቸግሬአለሁ። የእኔ ማህደር ሲገመገም ያስመሰገነኝ እንዲህ በየደረጃው መከፋፈሌ ነው። ገምጋሚው የሚያየው ብዙ ማህደር ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ገጹን ገልጦ ምልክት አድርጎ ያልፋል። እያንዳንዱን ማስረጃ ቁጥር ስጠው፤ መግለጫው ላይም ያንኑ ቁጥር ጻፍ። የደረጃዎቹንም ቃል እንዳለ ገልብጥ፤ በራስህ አነጋገር ከቀየርከው ገምጋሚው ሲፈልገው ያጣዋል። ማስረጃ ደግሞ በዛ ቢል አይጎዳም። የእኔን ለመያዝ ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር።

ሰኞ ገበያ

እኔም በዚህ ዓመት ለዝውውር አመልክቼ ነበር። ከወረዳ ወረዳ ከሆነ መግለጫው ላይ የቤተሰብ ሁኔታህንና የአገልግሎት ዘመንህን አስቀድም። ሙያዊ ነገር ብዙም አያዩም። ባለቤትህ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካለ ከፊት አድርገው።

የበላይ ቆላ ሒሳብ

አመሰግናለሁ፤ ግን ስለ ዝውውር አይደለም የጠየቅሁት። ለዝውውሩ ገና ነኝ፤ ባለቤትም የለኝም።

ሰኞ ገበያ

ይቅርታ፣ «መግለጫ» የሚለውን አይቼ ነው። ለማንኛውም ደብዳቤዎችህን ቅጂ አስቀር።

የጉድኝቱ ሰው

በጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘርነት ብዙ ማህደር አገላብጫለሁ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

መምህር ጠመኔ ስለ ቁጥሩ የተናገረው ትክክል ነው። መግለጫው ላይ «ማስረጃ 4» ተብሎ ማህደሩ ውስጥ ማስረጃ 4 የሚል ወረቀት ካልተገኘ የገምጋሚው እምነት እዚያው ላይ ይሰበራል። በቀረው ግን አልስማማም። የደረጃዎቹን ቃል ገልብጦ ከጎኑ «ተያይዟል» ማለት ወረቀቱ መኖሩን ብቻ ይናገራል። መኖሩንማ ማውጫው ይናገራል። የመግለጫው ሥራ ማውጫው የማይችለውን መናገር ነው፤ ይኸውም ይህ ወረቀት ይህን ደረጃ እንዴት እንደሚያሳይ፣ አንተም በዚህ ምክንያት በአሠራርህ ምን እንደቀየርክ።

የአንተን አንቀጽ እንየው። ለደረጃ 2 ዲግሪህን አያያዝክ። ደረጃ 2 ግን ይዘቱን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይዘቱን እንዴት እንደሚያስተምሩት ማወቅንም ይጨምራል። ዲግሪህ የመጀመሪያውን ግማሽ ቢናገር ነው። ለደረጃ 3 የዕለት ዕቅዶችህን በሙሉ አስገባህ። አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገርህ፤ የአንድ መምህር የሙሉ ዓመት ዕቅድ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ አጣጣል፣ አንዲት ስርዝ ሳይኖርበት ቀርቦልኝ ነበር። ያ ዕቅድ መታቀዱን ሳይሆን በአንድ ሳምንት መገልበጡን ነው ያሳየኝ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ዳርቻው ላይ «ይህ አልሠራም፤ ነገ በሌላ መንገድ» የሚል ጭረት ያለበት አንድ ዕቅድ ይበልጥብኛል። የ60 ሰዓቱ ማረጋገጫም እንዲሁ ነው። ለደረጃ 6 መነሻ ይሆናል፤ በሰዓቱ መገኘትህን እንጂ ከዚያ ያመጣኸውን ነገር ወደ ክፍልህ ማስገባትህን አያሳይም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከማህደርህ ውስጥ ሌሎቹ ሁሉ ቢቃጠሉ ይቺ ትትረፍልኝ የምትላት ወረቀት የትኛዋ ናት? ለምን?

የበላይ ቆላ ሒሳብ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱን ሳላስብ አውቀዋለሁ። ማህደሩ ውስጥ «ደረጃ 5፣ የፈተና ናሙና» በሚል ርዕስ ሥር ያስገባኋት አንዲት የአምስት ጥያቄ ወረቀት አለች። ሁለተኛው ጥያቄ √9 + √16 ስንት ነው የሚል ነበር። በክፍሌ 54 ተማሪዎች አሉ፤ 37ቱ √25 ወይም 5 ብለው ጻፉ። መልሱ 3 + 4 = 7 ነው።

መጀመሪያ የችኮላ ስህተት መስሎኝ ነበር። ደብተራቸውን ሳይ ግን ብዙዎቹ በትክክለኛ አካሄድ ነው የተሳሳቱት። √9 × √16 = √144 የሚለውን ከዚያ በፊት ተምረዋል፤ ለማባዛት የሠራው ለመደመርም ይሠራል ብለው ነው። ሕጉን ደግሜ ብነግራቸው እንደማይለወጥ ስለገባኝ ለሰኞ የያዝኩትን ዕቅድ ቀየርኩት። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ስፋቱ 9 የሆነ ካሬና ስፋቱ 16 የሆነ ካሬ ቆርጠው፣ ጎን ለጎን አድርገው፣ የታችኛውን ጠርዝ እንዲለኩ አደረግሁ። 7 ሆነ። ከዚያ ስፋቱ 25 የሆነውን ካሬ ጠርዝ ለኩ፤ 5 ነው። አንዱ ልጅ «መምህር፣ ሁለቱ ካሬዎች ተደምረው ትልቁን ካሬ ይሞሉታል፤ ጠርዛቸው ግን አይገጥምም» አለ። በሳምንቱ √4 + √36 ብዬ ጠየቅሁ፤ የተሳሳቱት 14 ብቻ ነበሩ። አማካሪ መምህሬም ሰኞ ዕለት ክፍሌን ታዝቦ የምልከታ ቅጽ ሞልቶልኛል፤ እሱም ማህደሩ ውስጥ አለ።

የጉድኝቱ ሰው

ተመልከት፤ መግለጫህ ይኸው ነው። በሁለት ገጽ «ተያይዟል» ስትል የቆየኸው ሰውዬ አሁን ብቅ አልክ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ተማሪዎች ምን እንደሚያስቡ ስላነበብክባት ደረጃ 5ን ታሳያለች። የተቀየረው ዕቅድ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አውቀህ መንገድ ስለመረጥክበት ደረጃ 2ንና 3ን ያሳያል። የምልከታው ቅጽ ዕቅዱ ወረቀት ላይ እንዳልቀረ የሌላ ሰው ምስክር ነው። አንድ ክር ሦስት ደረጃዎችን አያያዘ። ልብ በል፤ ሰባቱንም አላያያዘም። አያያዘ ብለህ እንዳትጽፍ።

ምዘና ወዳድ

ደስታችሁን አላበላሽም፤ ግን 37ቱ ወደ 14 መውረዳቸው የካሬው ሥራ ነው ለማለት ችኩል አትሁኑ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በቁጥር ብቻ ነው የሚለየው። የመጀመሪያው ወረቀት ታርሞ ሲመለስላቸው «ለየብቻ አውጥተህ ደምር» የሚለውን ያስታወሰ ተማሪ ካሬ ሳይገባውም ሊመልሰው ይችላል። መግለጫ ላይ «ዘዴዬ ለውጥ አመጣ» የሚሉ መምህራን ይህን አያስቡበትም፤ ጠንቃቃ ገምጋሚ ግን ያስብበታል። ሌላም ልጠይቅ። 14ቱ እነማን ናቸው?

የበላይ ቆላ ሒሳብ

የመጀመሪያው አስተያየትሽ ልክ ነው። (አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ፤ ስምሽ የሴት መሰለኝ።) 14ቱን በስም ዝርዝራቸው አይቻቸዋለሁ። ሰኞ ዕለት ከክፍል የቀሩት 12 ተማሪዎች ነበሩ። ከእነሱ 9ኙ ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ማለት በዕለቱ ከነበሩት 42 ተማሪዎች የተሳሳቱት 5 ብቻ ናቸው።

ሰኞ የቀሩት አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ቀትር ላይ ወይም ማክሰኞ ይመለሳሉ። ይህንን ያወቅሁት የክፍል ኃላፊውን መምህር ጠይቄ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ፅንሰ ሐሳብ ሰኞ አልጀምርም፤ ሰኞን ለመለማመጃ አድርጌ አዲሱን ወደ ማክሰኞ ወሰድኩ። የሌላውን ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬም እንዲሁ አደረገ። ግን ይሄ የትም አልተጻፈም፤ ተራ ነገር ስለመሰለኝ ማህደሩ ውስጥ አላስገባሁትም።

ምዘና ወዳድ

ሴት ነኝ፤ ገምተሃል። ይህን ተራ ነገር ካልከው ቀሪው ማህደርህ ምን እንደያዘ ማየት እፈልጋለሁ።

የጉድኝቱ ሰው

ደረጃ 1 ተማሪዎችንና እንዴት እንደሚማሩ ማወቅ ነው የሚለው። አንተ ለዚያ የተማሪዎችን ስም፣ ዕድሜና የወላጅ ስልክ የያዘ ሠንጠረዥ ነው ያስገባኸው። ስልኩን ደግሞ አውጣው፤ ገምጋሚው ምን ያደርግለታል? የልጆቹንም ስም በናሙናዎቹ ላይ ሸፍን። የሰኞው ስም መጥሪያ ከሁለተኛው ፈተና ውጤት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን እውነተኛ የደረጃ 1 ማስረጃ ነው። የሳምንቱ ዕቅድ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለው ቅጂ ከባልደረባህ ዕቅድ ጋር ከቀረበ ደረጃ 7ንም ይነካል፤ ከባልደረቦች ጋር መሥራት የሚለውን ክፍል ማለቴ ነው። ስለ ወላጆች ግን ምንም አላሳየህም። የወላጆች ስብሰባ የፊርማ ወረቀት አስገብተህ ከሆነ መሰብሰባቸውን እንጂ ምን እንደተነጋገራችሁ አይናገርም።

እስቲ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ጻፍና አምጣው። የሙያ ቋንቋ አታብዛ።

ጠመኔ

አንድ ነገር ልበል። ለደረጃ 4፣ ምቹ የመማሪያ ሁኔታ ለመፍጠር ማለት ነው፣ አንድም ማስረጃ ሳይኖርህ መግለጫህ በሒሳብ ታሪክ ቢያምር ገምጋሚው ደረጃ 4 ላይ ባዶ ይሰጥሃል። ሰባቱንም መንካት ግዴታ ነው። ውበቱ በኋላ ይደርሳል።

የጉድኝቱ ሰው

ሰባቱም ይነካሉ፤ እኩል ቦታ ግን አይሰጣቸውም። አንዱን ጉዳይ በሰፊው፣ የቀሩትን በአንድ በሁለት ዐረፍተ ነገር። ለደረጃ 4 በካሬው ሥራ ወቅት ቡድኖቹን እንዴት እንደመደባቸው አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ያ በምልከታው ቅጽ ላይ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

የቡሬ ቄጤማ

እኔ የቅድመ መደበኛ መምህርት ነኝ። ሁላችሁም ስለ ፈተና ወረቀት ትናገራላችሁ፤ እኛ ጋ ፈተና የለም። የእኔ ማስረጃ ሥዕልና ጨዋታ ነው። ባለፈው ዓመት መቀስ መያዝ የማይችል ልጅ ነበረኝ። መስከረም ላይ የቀደደውን ወረቀትና የካቲት ላይ መስመሩን ተከትሎ የቆረጠውን አስቀምጫለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ባያይዝ ማስረጃ ይሆናል? ወይስ ልጆች በዕድሜያቸው በራሳቸው ይችሉታል ትሉኛላችሁ?

ምዘና ወዳድ

ሁለቱም። ሁለቱ ወረቀቶች ልጁ ማደጉን ያሳያሉ፤ አንቺ ያደረግሽውን ግን አያሳዩም። በመካከሉ ያደረግሽው ነገር ይኖራል አይደል? ለምሳሌ መጀመሪያ ጭቃ አስጨብጠሽ፣ ቀጥሎ ወረቀት አስቀድደሽ፣ ከዚያ አጭር መስመር አስቆርጠሽ ከሆነ ቀኑን የያዘ ማስታወሻሽን በሁለቱ መካከል አስገቢ። ያ ከሌለ ልጁ በዕድሜው ነው ያደገው የሚል ሰው መልስ አታገኚለትም።

የቡሬ ቄጤማ

ጭቃውን ከየት አወቅሽው! ማስታወሻው አለ፤ በልጆቹ የስም መጥሪያ ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት፤ ንጹሕ ስላልሆነ አፍሬበት ነበር።

የጉድኝቱ ሰው

እንዳትገለብጪው። እንዳለ ይግባ።

የበላይ ቆላ ሒሳብ

ጽፌአለሁ። ሳትራሩ ንገሩኝ።

«በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከ54 ተማሪዎቼ 37ቱ √9 + √16ን √25 ብለው ሠሩ (ማስረጃ 1)። ደብተራቸው እንደሚያሳየው ለማባዛት የተማሩትን ሕግ ወደ መደመር ወስደውት ነው። ስለዚህ ሕጉን ከመድገም ይልቅ ካሬዎችን ቆርጠው ጠርዛቸውን እንዲለኩ የሚያደርግ ትምህርት አዘጋጀሁ (ማስረጃ 2፤ የአማካሪ መምህሬ ምልከታ ማስረጃ 3)። በሳምንቱ በተመሳሳይ ዓይነት ጥያቄ የተሳሳቱት 14 ሆኑ (ማስረጃ 4)። ጥያቄው ከመጀመሪያው ጋር ስለሚቀራረብ ለውጡ ሁሉ የትምህርቱ ውጤት ነው አልልም። ከ14ቱ 9ኙ ትምህርቱ በተሰጠበት ሰኞ ያልነበሩ ናቸው (ማስረጃ 5)። እነዚህ ተማሪዎች ስንቅ ለማምጣት ወደ ገጠር እንደሚሄዱ ከክፍል ኃላፊው ተረዳሁ፤ ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን አዲስ ትምህርት ማክሰኞ እንዲጀመር የሳምንቱን ዕቅድ ቀየርን (ማስረጃ 6)። ከዚህ በፊት ፈተና የማርመው ውጤት ለመመዝገብ ነበር፤ አሁን ከማረሜ በፊት ስህተቶቹን በዓይነት እለያቸዋለሁ።»

ጠመኔ

የደረጃዎቹ ቁጥር የለበትም። እንደ ታሪክ ደስ ይላል። ገምጋሚው ግን ደረጃ 5ን የት ያግኘው?

የጉድኝቱ ሰው

መምህር ጠመኔ ልክ ብለሃል። ከእያንዳንዱ ማስረጃ ቁጥር ጎን የደረጃውን ቁጥር ጨምር፤ «ማስረጃ 1፣ ደረጃ 5» እያልክ። ዐረፍተ ነገሮቹን ግን አትንካቸው። የመጨረሻዋ ደግሞ አንተ ስለመለወጥህ የምትናገር ስለሆነች ማስረጃ ትፈልጋለች። ስህተቶቹን በዓይነት የለየህበት ወረቀት አለህ?

የበላይ ቆላ ሒሳብ

አለ። እዚህ ላይ ነው የምቸገረው። ያንን ወረቀት የሠራሁት በኋላ በሰጠሁት ፈተና ላይ ነው። ጥያቄው √50 + √8 ነበር፤ 5√2 + 2√2 = 7√2 ነው የሚሆነው። 17 ተማሪዎች √58 ብለው ጻፉ። ስህተቱ ተመለሰ ማለት ነው። ሥሩ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ ይለዩታል፤ ካልወጣ ወደ ድሮው ይሄዳሉ። ይህን ባስገባ የካሬው ትምህርት አልሠራም ብዬ በራሴ ላይ መመስከር አይሆንብኝም?

ምዘና ወዳድ

አስገባው። የመጀመሪያውን ጥርጣሬዬን የሚመልሰው ይኸው ወረቀት ነው። ትምህርቱ ምን ድረስ እንደሠራና የት ላይ እንዳቆመ ያሳያል። √50 ስፋቱ 50 የሆነ ካሬ ጠርዝ መሆኑን በካሬው ወረቀት ላይ አልቆረጡትም፤ ምክንያቱም ጠርዙ በመስመሮቹ ላይ አይውልም። ስለዚህ ቀጣዩ ዕቅድህ ከዚህ ይወለዳል።

ጠመኔ

እኔ አላስገባም። እናንተ የምትናገሩት መልካም ገምጋሚ ስላለ ነው። ሁሉም ገምጋሚ ጋሼን አይመስልም። «17 ተማሪዎች ተሳሳቱ» የሚለውን አንብቦ ነጥብ የሚቀንስ ሰው አይቻለሁ። የልጁ ነገር የሚወሰነው በማህደሩ ነው፤ በክርክራችን አይደለም።

የጉድኝቱ ሰው

ጠመኔ የሚለው ሰው የለም አልልም፤ አለ። እኔ ብሆን አስገባዋለሁ፤ ግን ብቻውን አላስቀምጠውም። ከጎኑ ለ√50 ያዘጋጀኸውን ቀጣይ ዕቅድ አድርግና «ስህተቱ የተመለሰው እዚህ ነው፤ የቀጠልኩትም እንዲህ ነው» በል። ዕቅዱ ገና ካልተዘጋጀ ሰኔ ሳይደርስ አዘጋጀው። ካልደረሰልህ ጠመኔን ስማ፤ ወረቀቱን አቆየው፤ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገርም አብረህ አውጣት። ያለ ማስረጃ ተለወጥኩ የምትል ዐረፍተ ነገር ባትኖር ይሻላል።

ሰኞ ገበያ

አሁን ገባኝ ስለምን እንደሆነ። ይህ ማህደር ለዝውውርም ይያዛል?

የበላይ ቆላ ሒሳብ

አይመስለኝም ወንድሜ። ጋሼ፣ ለ√50 ባለ ካሬውን ወረቀት አዘንብሎ መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ከባልደረባዬ ጋር እየሞከርን ነው፤ 7 በ1 የሆነ ሰያፍ ከወሰድን በፓይታጎረስ 49 + 1 = 50 ይሆናል። √8ም ከ2 በ2 ሰያፍ ይወጣል። ጠርዛቸውን ስንገጥማቸው ግን ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም።

ምዘና ወዳድ

7 በ1ን ተወውና √50ን ከ5 በ5 ሰያፍ አውጣው። ያኔ ሁለቱም በአንድ ሰያፍ ላይ ይውላሉ፤ ተቀጣጥለው 7 በ7 ይሆናሉ።

የበላይ ቆላ ሒሳብ

ማክሰኞ እሞክረዋለሁ። የምልከታ ቅጹን የሚሞላልኝ ሰው ካገኘሁ ማስረጃ 8 ይሆናል።